እጅ፣ አፍ፣ ዐይን

ደባርቅ ላይ አንድ ልጅ ነበረ አሉ። ጎንደር ኮምፒውተር ተምሮ፣ ላፕቶፑን በጀርባው አዝሎ ወደ አገሩ የተመለሰ። አባቱ ባለ በቅሎ ነው፤ አያቱም ባለ በቅሎ ነበሩ።

የስሜንን ተራሮች ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ደባርቅ ወርዶ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ አስጎብኚ ይይዛል፤ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይሰጠዋል፤ ድንኳኑንና ስንቁን የሚሸከሙለት በቅሎዎች ደግሞ በተራ ይወጣሉ። ነገር የሚመጣው ታዲያ «በተራ» ከሚለው ላይ ነው። በታሪካችን ያለው ማኅበር ተራውን የሚጽፈው ጠርዙ በተበላ ትልቅ መዝገብ ላይ ነበር። መዝገቡ ሊቀመንበሩ ቤት ያድራል። ትናንት ሦስተኛ የነበረ ሰው ዛሬ ሲመጣ ሰባተኛ ሆኖ ይገኛል። «እንዴት?» ሲል «ተስተካክሎ ነው» ይባላል። ማን እንዳስተካከለው አይነገርም።

ልጁ ክረምቱን በሙሉ፣ ጉም ከተማውን ውጦ እንግዳ በማይወጣበት ወራት፣ ይህን መዝገብ ኮምፒውተር ውስጥ ሲያስገባ ከረመ። ፕሮግራሙ ቀላል ነበር። የባለ በቅሎዎቹ ስም ከላይ ወደ ታች ተሰልፏል። ጉዞ ሲመጣ ከላይ ያሉት ይመደባሉ፤ የተመደቡት ወደ ታች ወርደው ከሰልፉ ጭራ ይቆማሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ በስልኩ አጭር መልእክት ይላክለታል። ይኸው ነው።

ለማሳያው ቀን ግን ሌላ ሥራ ሠራ፤ ንግግር ጻፈ። አራት ገጽ። ጽፎ ሸመደደው፤ ሸምድዶ በበረቱ ደጃፍ ለአባቱ በቅሎ ተናገረላት፤ በቅሎዋም እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከንግግሩ ሁሉ አንዲቱን ዐረፍተ ነገር ይወዳት ነበር። ማብቂያው ላይ ያስቀመጣትም ለዚያ ነው፦ «ከእንግዲህ ማንም በማንም ተራ አይገባም!»

መስከረም አጋማሽ ላይ ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ግድግዳው ላይ አንሶላ ተወጠረ፤ ከትምህርት ቤት የተለመነ ፕሮጀክተር በራ። ጋቢውን የተከናነበው ሁሉ ዱላውን በጉልበቱ መካከል አቁሞ አንሶላውን ያያል። ስሙን ፈልጎ አገኘ። ካገኘ በኋላ ዐይኑን ከዚያ አላነሳም።

ልጁ ጀመረ። ስለ ዲጂታል ዘመን ተናገረ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መስፈሩን ተናገረ። አፉ ይህን ሲል እጁ ሥራ ፈታችና ማውሱን ወዲያ ወዲህ ታንከራትተው ጀመር። ቀስቷ አንድ ስም ላይ ባረፈች ቁጥር የስሙ ባለቤት ቀና ይላል፤ ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸም አድርጎ «እኔን ነው እንዴ የሚለው?» ይላል። ቀስቷ ወደ ሌላው ስም ታልፋለች። ሌላው ቀና ይላል።

ቀጥሎ ወደ ፕሮግራሙ ገባ። «እንግዳ ሲመጣ ጉዞውን እንከፍታለን፣ መድረሻውን እንመርጣለን፣ በቅሎዎቹን መድበን እናጸድቃለን፣ ያን ጊዜ ለባለ በቅሎው መልእክት ይደርሰዋል፤ ገቢውም በዓመቱ መጨረሻ...» እያለ በአንድ ትንፋሽ ወረደበት። እጅ ግን እንደ አፍ አትሮጥም። አፉ የዓመቱ መጨረሻ ላይ ሲደርስ እጁ ገና መድረሻውን እየመረጠች ነበር። አፉ ስለ ክፍፍል ሲያብራራ እጁ ደርሳ «አጽድቅ» የሚለውን ተጫነች፤ ከላይ የነበሩት ሦስት ስሞች ከሰው ሁሉ ዐይን ፊት ተነቅለው ጠፉ።

ሦስተኛው ስም የአንድ ሽማግሌ ነበር። ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ስሜ የት ገባ?»

«ወርዶ ነው አባባ፤ ታች ነው ያለው። ተመድበው ስለወጡ ነው።»

«እኔ የት ወጣሁ? እዚህ ተቀምጬ አይደለም እንዴ?»

ልጁ ሊያስረዳ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ሲመለስ ሌላ ነገር ተነካ፤ ሌሎች ሦስት ስሞች ወረዱ። አሁን የተነሡት አራት ሆኑ። አንዱ «መልእክት ይደርሰዋል አላልክም? የታለ?» ብሎ ስልኩን ወደ ላይ አነሣ። ሌላው «ከመዝገቡ በምን ተለየ?» አለ። ሽማግሌው መለሱለት፤ «ይለያል እንጂ። መዝገቡስ ሲሰርዙህ ጠባሳ ይተዋል።»

ስብሰባው ለሌላ ቀን ተባለ። ሊቀመንበሩ ሲወጡ የልጁን ትከሻ መታ መታ አደረጉት። «ንግግርህ ግን ጥሩ ነበር» አሉ።

ልጁ ዳባት አክስት አለችው። ዳባት ከደባርቅ ወደ ጎንደር ሲሄዱ መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በወረዳዋ በተመረጡ ቀበሌዎች ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንደ ሞተ፣ ማን ቤቱን ለቆ እንደ ሄደ ቤት ለቤት የሚመዘግብባት ስፍራ ናት። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ሲዞሩ ኖረዋል፤ በኋላ የኤሌክትሮኒክ መጠይቁ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት እዚያው ዳባት ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪዶ ሲያወዳድር በኤሌክትሮኒኩ የተሞላው ስሕተቱ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። አክስትየው ከነዚያ ሰብሳቢዎች አንዷ ነበረች፤ ወረቀቱንም ታብሌቱንም ታውቃለች። አንድ ልማድ ከሥራዋ አብሯት ቀርቷል፦ የተጻፈውን ጥያቄ እንደ ተጻፈ ታነባለች፤ መልሱን ታያለች፤ ትነካለች፤ ሳትነካ ወደሚቀጥለው አትሄድም።

ልጁ ወደ እሷ ሄዶ የሆነውን ሲነግራት «ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?» አለችው።

«አራት ገጽ ነው እትዬ።»

«አንብብልኝ። ማውሱን እኔ ልያዝ። አንተ ያልከውን ብቻ ነው የምነካው፤ ያላልከውን አልነካም።»

ልጁ አነበበ። የመጀመሪያው ገጽ አለቀ፤ የአክስቱ እጅ አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛው ገጽ ተጋመሰ፤ እጇ እዚያው ናት። ልጁ አንገቱን አቅንቶ አያት።

«ምነው?»

«ምን ልንካ?»

ቀጠለ። «ጉዞውን እንከፍታለን» ሲል እጇ «ክፈት» የሚል ነገር ፍለጋ ስክሪኑን ዞረች። የለም። ያለው «አዲስ ጉዞ» የሚል ነው። ልጁ በጣቱ ሊያሳያት ሲል እጁን መታችው፤ «ጣትህ ስብሰባው ላይ የለችም። በአፍህ ንገረኝ።» «አዲስ ጉዞ በይው» አላት፤ ነካችው፤ ባዶ ቅጽ ተከፈተ። «በቅሎዎቹን መድበን እናጸድቃለን» አለ፤ «መድብ»ን ነካችና ቆመች። ሦስት ስሞች አረንጓዴ ሆኑ። እሱ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ደርሶ ነበር።

«ቆይ እንጂ። እነዚህ አረንጓዴ የሆኑት ምንድን ናቸው?»

«የተመደቡት ናቸዋ።»

«ይህን የት ጻፍከው?»

የትም አልጻፈውም።

ያን ማታ ባለ መስመር ደብተር አምጥታ ገጹን በሁለት ቁም መስመር ለሦስት ከፈለችው። በላዩ «እጅ፣ አፍ፣ ዐይን» ብላ ጻፈች። እጅ በሚለው ሥር የሚነካው ይጻፋል፤ ስክሪኑ ላይ በተጻፈበት ስሙ፣ አንድም ፊደል ሳይለወጥ። አፍ በሚለው ሥር የሚነገረው። ዐይን በሚለው ሥር ከተነካ በኋላ ሰው የሚያየው ለውጥ። አንድ መስመር ላይ አንድ ጠቅታ ብቻ። ሁለት ከሆነ ሁለት መስመር ይሆናል።

መጀመሪያ የሞላችው የእጅን ዓምድ ነው። ልጁ ከንግግሩ ሊጀምር ፈልጎ ነበር፤ አልፈቀደችለትም። ፕሮግራሙን ዝም ብለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሄዱበት፤ የነኩትን ሁሉ ጻፉ። ከዚያ የልጁን አራት ገጽ አውጥተው ዐረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ እያነሡ የየራሳቸውን ጠቅታ ፈለጉላቸው።

ብዙዎቹ አላገኙም። ዲጂታሉ ዘመን ጠቅታ የለውም። ዩኔስኮም የለውም። ልጁ ዩኔስኮን ሊያድናት ሞከረ፤ «ለመግቢያ ትሁን» አለ። «ለመግቢያ ከሆነች ፕሮጀክተሩ ሳይበራ ተናገራት» አለችው። እንደዚያ ተስማሙ፤ አንሶላው ላይ ስም ካለ ሰው ስሙን እንጂ ንግግርህን አያይም።

ከዚያ የተገላቢጦሹ መጣ፤ ንግግር ያላገኙ ጠቅታዎች። የይለፍ ቃል ማስገባት፣ ቀን መምረጥ፣ የተከፈተ ሳጥን መዝጋት። ልጁ ለእያንዳንዳቸው ዐረፍተ ነገር ሊጽፍ ተነሣ። አክስቱ ግን እዚህ ላይ ቃል አላበዛችም፤ ጠቅታውን ቀነሰች። የይለፍ ቃሉ ሰው ሳይገባ በፊት ይገባ። ቀኑ ራሱ የዛሬውን ይዞ ይምጣ። ሳጥኑን አትክፈተው፣ መዝጋትም አይኖርብህም። ለባለ በቅሎው የሚገደው አምስት ስድስት ንክኪ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ለነሱ ብቻ ቃል ተገኘላቸው።

የ«አጽድቅ» መስመር ይህን መሰለ፦

እጅ፦ «አጽድቅ»ን ጠቅ።

አፍ (ከመንካት በፊት)፦ «አሁን አጽድቅ የሚለውን እነካለሁ። ስነካው እነዚህ ሦስት አረንጓዴ ስሞች ከላይ ተነሥተው ታች ይሰለፋሉ፤ ተራቸውን ስለወሰዱ ነው። ታች ተመልከቱ።»

ዐይን፦ ሦስቱ ስሞች ታች ደረሱ። አራተኛው አንደኛ ሆነ።

አፍ (ከታየ በኋላ)፦ «ታች ደርሰዋል። ቀጣዩ ባለ ተራ ላይኛው ነው።»

በሁለቱ ንግግሮች መካከል ዝም ይባላል። ልጁን ያስቸገረው ይህ ዝምታ ነው። ኮምፒውተሩ እስኪያስብ ድረስ ያለችውን ጥቂት ጊዜ ባዶ መተው አልቻለም፤ አፉ ያሳክከዋል። «ዝም ስትል ያያሉ፤ ስትናገር ይሰማሉ» አለችው። «ሁለቱን አንድ ላይ አትጠይቃቸው።»

መልእክቱ ላይም ተጨቃጨቁ። ንግግሩ «ለባለ በቅሎው መልእክት ይደርሰዋል» ይላል። ስክሪኑ ግን የሚያሳየው «ተልኳል» የሚል ነው። ሰውየው ሊማሊሞን ወርዶ ኔትወርክ የማይነካው ገደል ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ መልእክቱ የሚደርሰው ሽቅብ ሲመለስ ነው። ልጁ «ትንሽ ልዩነት ናት» አለ። አክስቱ መልስ ሳትሰጥ «ይደርሰዋል» የሚለውን ሰርዛ «ተልኳል» ብላ ጻፈች። ስልኩን ወደ ላይ ያነሣው ሰውዬ ዳግመኛ ሊያነሣው የሚችለው «ደረሰ» ከተባለ ብቻ ነው።

ስሞቹንም አወጡ። «እኛ የአንዱን ቤት ስም ለሌላው ቤት አናሳይም ነበር» አለች። በምትካቸው ዋልያ፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮና ቁራ ተሰለፉ። አንድ ጊዜ ተለማምደው ሁለተኛ ሲጀምሩ ግን «ዋልያ ከላይ ነው» ብሎ ሲያነብ ከላይ ያለው ቁራ ሆኖ አገኙት፤ የመጀመሪያው ልምምድ ሰልፉን ለውጦት ነበር። ስለዚህ ከሁሉ በላይ አንድ መስመር ተጨመረች፦ ከመጀመር በፊት ሰልፉ ወደ መነሻው ይመለስ። ይህችን የዘለለ ሰው ጽሑፉ ልክ ሆኖ ሳለ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ይዋሻል።

እኩለ ሌሊት አካባቢ ደብተሩ ሞላ። አራቱ ገጽ ውስጥ ያልተሰረዘች አንዲት ዐረፍተ ነገር ቀረች። ልጁ ሆነ ብሎ ለመጨረሻ አቆይቷታል።

«ከእንግዲህ ማንም በማንም ተራ አይገባም» ብሎ አነበበ።

አክስቱ ማውሱን ያዘች። ጠበቀች።

«የትኛውን ልንካ?»

ልጁ ስክሪኑን አየ። ሰልፉ አለ፤ ግን ሰልፍ መዝገቡም ላይ ነበር። «መድብ» አለ፤ ከላይ ያሉትን ይወስዳል፤ ይህም ማንም በማንም አይገባም ማለት አይደለም። ዐይኑ ወደ ታች ወረደ። ታች፣ በስተቀኝ ጥግ፣ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ አንድ ቁልፍ አለ። በልምምዱ ሁሉ አልነኩትም። የእጅ ዓምድ ውስጥም የለም።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አለች አክስቱ።

«እሱ... ለአስተዳደር ነው።»

ጠጋ ብላ አነበበችው። «ተራ አስተካክል» ይላል። ነካችው። ሰልፉ ተከፈተ። ቁራን በማውስ ይዛ ወደ ላይ ጎተተችውና ከዋልያ በላይ አስቀመጠችው። ቁራ አንደኛ ሆነ። ስክሪኑ ምንም አልጠየቃትም፤ ምንም አልጻፈም።

ቁልፉን ያስገባው ሊቀመንበሩ ስለጠየቁት ነው። ሲጠይቁትም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በቅሎ ትታመማለች፣ ሰው ሐዘን ይገጥመዋል፣ ተራውን ለወንድሙ የሚለቅ አለ። የማይስተካከል ተራ በተራራ ላይ አይሠራም።

አክስቱ ከዚህ በላይ ምንም አላለችም። እስክሪብቶውን ደብተሩ ላይ አስቀምጣ ተኛች።

ልጁ ቁጭ ብሎ ቀረ። በፊቱ ሦስት መንገድ ነበረው። ዐረፍተ ነገሯን ያለ ጠቅታ ማብቂያው ላይ ሊናገራት ይችላል፤ ጆሮ ታስደስታለች፤ ሊቀመንበሩም ይወዷታል። ወይም ዐረፍተ ነገሯን ሰርዞ ቁልፉንም ሳያነሣ ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ ደብተሩ ላይ ያለው ሁሉ እውነት ይሆናል፤ ማንም አይጠይቀውም። ሦስተኛው ቁልፉን ማሳየት ነው። ቁልፉን ካሳየ ግን ዐይን በሚለው ዓምድ ሥር የሚጻፈው «ቁራ ዋልያን ቀደመ፤ ማን እንዳስቀደመው አይታወቅም» የሚል ነው። ይህን ጽፎ አየው። እንደ ገና አነበበው።

ጠዋት አክስቱ ስትነሣ ልጁ ወደ ደባርቅ ሄዷል። ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጨምሯል፦ «እጅ፦ ተራ አስተካክል።» የአፍና የዐይን ቦታ ባዶ ነው።

ባዶውን ለመሙላት ቀናት ፈጀበት፤ መሞላት የነበረበት ፕሮግራሙ ውስጥ ነውና። አሁን «ተራ አስተካክል» ሲነካ «ምክንያት» የሚል ሳጥን ይከፈታል። ሳጥኑ ካልተሞላ ሰልፉ አይነቃነቅም። ሲሞላ የተዘዋወረው ስም አጠገብ ቢጫ ምልክት ይቀመጣል፤ ምልክቱን የነካ ሰው ማን እንዳስተካከለው፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን እንደሆነ ያነባል። ምልክቱን የሚያጠፋ ቁልፍ የለም። ያችን የሚወዳትን ዐረፍተ ነገርም ሰረዛት። በምትኳ የጻፋት እንዲህ ትላለች፦ «ተራ ሲስተካከል ምልክቱ ይቀራል።» ውበት የላትም፤ ግን ጠቅታ አላት።

ሁለተኛው ስብሰባ ሲጠራ ልጁ ማውሱን አልያዘም። የማኅበሩን ጸሐፊ ጠርቶ ላፕቶፑ ፊት አስቀመጣት፤ ፕሮግራሙን ከዚያ በፊት ነክታው አታውቅም። እሱ ከአንሶላው አጠገብ ደብተሩን ይዞ ቆመ። «እኔ ያልኩሽን ብቻ ንኪ» አላት። ዩኔስኮን ፕሮጀክተሩ ሳይበራ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሸኛት። ከዚያ በራ።

«አዲስ ጉዞ የሚለውን ትነካለች» አለ። ነካች። «ባዶ ቅጽ ተከፈተ።» ዝም። ሰዉ አየ። «መድረሻ ከሚለው ሥር ሳንቃበርን ትመርጣለች።» መረጠች። «የበቅሎ ብዛት ላይ ሦስት ትጽፋለች።» ጻፈች። «መድብ ትላለች፤ ስትነካው ከላይ ያሉት ሦስቱ አረንጓዴ ይሆናሉ።» ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አረንጓዴ ሆኑ። ከኋላ አንዱ «ጭላዳ ደግሞ ምን ሊሸከም?» ብሎ ሰዉን አሳቀው። ልጁ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«አጽድቅ» ሊል አፉን ሲከፍት መብራት ሄደ።

አዳራሹ ጨለመ። ላፕቶፑ በባትሪው በርቷል፤ ፕሮጀክተሩ ግን ጠፍቷል። ሰዉ ወሬ ጀመረ፤ ሁለት ሦስቱ ወጥተው ተመለሱ። መብራቱ ዘግይቶ ሲመጣና አንሶላው ሲበራ ልጁ ደብተሩ ላይ ያለበትን መስመር በጣቱ ፈለገ። ከማግኘቱ በፊት ግን ከወንበሮቹ መካከል ድምፅ መጣ፤ «አረንጓዴ አድርገሃቸዋል፤ አጽድቅ ልትል ነበር!» ተናጋሪው ስማቸው የጠፋባቸው ሽማግሌ ነበሩ።

አጽድቅ ተባለ። ሦስቱ ወረዱ። የት እንደገቡ የጠየቀ አልነበረም። መልእክቱ «ተልኳል» አለ፤ ልጁም «ተልኳል» አለ።

የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ሰልፉን ወደ መነሻው አስመልሶ ሽማግሌውን ወደ ፊት ጠራቸው። «አባባ፣ ይህን እርስዎ ይንኩልኝ።» ጸሐፊዋ እጃቸውን ይዛ ቀስቷን አደረሰችላቸው። «ተራ አስተካክል የሚለውን ይነካሉ፤ ሲነኩት ምክንያት ይጠይቃል» አለ። ነኩት። ጠየቃቸው። ሽማግሌው ዞረው ሊቀመንበሩን አዩ፤ ቀጥሎ ጸሐፊዋን «በይ ጻፊልኝ» አሏት፤ «ቁራ ዘመዴ ስለሆነ።» ጻፈችው። ቁራ ዋልያን ቀደመ፤ አጠገቡ ቢጫዋ ምልክት ተቀመጠች። «ምልክቷን ይነካሉ» አለ ልጁ። ነኩ። አንሶላው ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ «ቁራ ዘመዴ ስለሆነ» የሚለው ከነሰዓቱ ተነበበ።

ሰዉ ሲስቅ ሊቀመንበሩም አብረው ሳቁ፤ ጥቂት ዘግይተው። «ይህች ምልክት አትጠፋም?» ሲሉ ጠየቁ።

ልጁ ደብተሩን አየ። «የሚያጠፋ ቁልፍ የለም ጋሼ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

እጅ ተቆጠረ፤ መዝገቡ ቀርቶ በፕሮግራሙ እንዲሠራ ተወሰነ። ሊቀመንበሩ እጃቸውን አወጡ፤ ሁሉ እያየ ሳያወጡ መቅረት አልቻሉም። ደብተሩን ጸሐፊዋ ተቀበለች፤ ከዚያ በኋላ ለአዲስ ማኅበርተኛ የምታሳየው እሷ ሆነች፤ ልጁን ማንም አልጠራውም።

በጥቅምት እንግዳ በዛ። በወሩ ውስጥ «ተራ አስተካክል» ሦስት ጊዜ ተነካ። የመጀመሪያው ምክንያት «በቅሎዋ አነከሰች» ይላል። ሁለተኛው «የእናቱ ተዝካር» ይላል። ሦስተኛው ላይ ምክንያት በሚለው ሳጥን ውስጥ የተጻፈው አንዲት ነጥብ ብቻ ናት፤ ከነጥቧ አጠገብ የሊቀመንበሩ ስምና ሰዓቱ አሉ። በኅዳር ስብሰባ መጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ ስለዚያች ነጥብ ነበር፤ የጠየቁትም ሽማግሌው ናቸው።